አንድ እንቅርት፣ ሁለት መነሻዎች



በካኮ ገበያ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም። ልዩነቱ የሚታወቀው በአንገታችን ፊት ባለው የታይሮይድ ዕጢ ላይ ነው።

የዕጢው ሕዋሳት አዮዳይድን ከደም ስበው ያስገባሉ። ከዚያም ታይሮይድ ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አዮዲኑን ታይሮግሎቡሊን በተሰኘው ፕሮቲን ላይ ካሉ ታይሮሲኖች ጋር ያያይዘዋል፤ እነዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጣመሩ አራት አዮዲን ያለው ታይሮክሲን ይገኛል። ለዚህ ሥራ ለአንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል።

አዮዲን ሲያጥር ታይሮክሲን ይቀንሳል። የፒቱታሪ ዕጢም ታይሮይድን የሚያነቃቃውን ሆርሞን አብዝቶ ይልካል፤ በዚህ የማያቋርጥ ግፊት ሕዋሳቱ ይገዝፋሉ፣ ይበዛሉ፤ እንቅርት ይወጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው ጦርነት ከኤርትራ ይመጣ የነበረውን አዮዲን የተጨመረበት ጨው አቋረጠ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከመቶ ሕፃናት ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ።

ሲበዛስ? አዮዲን በድንገት ሲበዛ ዕጢው የማያያዙን ሥራ ለጊዜው ይገታል፤ ይህ የቮልፍ–ቻይኮፍ ክስተት ይባላል። ጤናማ ዕጢ በቀናት ውስጥ የሚያስገባውን አዮዳይድ ቀንሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። መመለስ ያቃተው ግን ሆርሞን ይጎድለዋል፤ ያው የፒቱታሪ ግፊት ይነሣል፤ ዕጢው ያብጣል። በጃፓን፣ በሆካይዶ ዳርቻ የባሕር አረም አብዝተው በሚመገቡ ሰዎች ላይ የታየው ይኸው ነው።

እንግዲህ እብጠቱ ብቻውን መነሻውን አይናገርም። የሚለየው የሽንት ምርመራ ነው፤ የአንድ አካባቢ ተማሪዎች መካከለኛ ልኬት በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች ከሆነ እጥረት፣ 300 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዛት አለ።