አስም በሌሊት ሲነሣ
የጤና ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ አስም ሁሉ አይደለም፤ አስም ያለበት ተማሪ በሌሊት ሲታፈን አጠገቡ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ብቻ ነው።

በአስም ጊዜ የመተንፈሻው ቧንቧ ውስጡ ያብጣል፤ በዙሪያው ያለውም ጡንቻ ይኮማተራል። አየሩ በጠበበው መንገድ ሲወጣ እንደ ፉጨት ሲር ሲር ይላል። ይህም ጥበት ሌሊት፣ ይልቁንም ሊነጋ ሲል ይብሳል።

እንግዲህ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እያሳለና ደረቱ ሲር ሲር እያለ ነቃ እንበል። ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ አይተኛ። ሰማያዊው ፓፍ፣ ይኸውም ሳልቡታሞል፣ ክዳኑ ተነሥቶ በደንብ ይወዝወዝ። ፓፉ በቢሮ ተቆልፎበት ከሆነ ግን ምክራችን ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ከተማሪው ራስጌ እንዳይለይ አስተዳደሩን እንለምናለን።

የታፈነ ሰው ፓፉን በቀጥታ ሲስብ መድኃኒቱ አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለዚህ የግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ፓፉ አየር በማያስወጣ ሁኔታ ይገጠምበታል፤ ሕመምተኛው በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። በደቡብ አፍሪካ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዲህ ያለው ጠርሙስ አስም ላለባቸው ልጆች እንደሚሠራ አሳይተዋል። መዘጋጀት ያለበት ግን ቀን ነው።

ፓፉ አንድ ጊዜ ይጫን፤ ተማሪው ከ4 እስከ 6 ጊዜ በዝግታ ይተንፍስ። ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ አንድ፤ እንዲህ እየተባለ እስኪሻለው ድረስ እስከ 10 ይደርሳል። እጁ ቢንቀጠቀጥና ልቡ ቢመታ የመድኃኒቱ ጠባይ ነውና አትደንግጡ።

ከተሻለው ብቻውን አትተዉት፤ ሲነጋም ሐኪም ይየው። ሰማያዊው ፓፍ ጡንቻውን ያላላል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። በሌሊት የሚቀሰቅስ አስም እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ወይም የጀመረውን በትክክል እንዳልወሰደ ያመለክታል።

10 ጊዜ ተስቦ ካልተሻለው፣ ወይም ተሽሎት 4 ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰበት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ በጎድኖቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን 10 እስኪሞላ አይጠበቅም፤ አምቡላንስ ወዲያው ይጠራ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፉጨቱ ጸጥ ሲል ነው። ልጁ እየደከመ ድምፁ ከጠፋ፣ አየር መግባትና መውጣት አቅቶት ነው እንጂ ተሽሎት አይደለም። ያን ጊዜ «ተኛ፣ ይረፍ» አትበሉ፤ ተቀምጦ፣ ፓፉን በጠርሙሱ እየሳበ፣ ሐኪም ቤት ይድረስ።