ጨረቃ አንዲት ስትሆን የባሕር ሙላት ስለ ምን ሁለት ሆነ

በምፅዋ ጠረፍ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ ባሕሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሞላ፥ ቀስ በቀስ ጎድሎና ከዳርቻው ሸሽቶ፥ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ እንደ ገና ይሞላል፤ በማግሥቱም የጠዋቱ ሙላት ወደ 12 ሰዓት ከ50 ይዘገያል። የዚህ ሁሉ ምክንያት የጨረቃ ስሕበት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ሰምቷል። ነገር ግን አስተዋይ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ጨረቃ በአናታችን ስትቆም ውሃው ወደ እርሷ መነሣቱ የተገባ ቢሆን፥ ከምድር በስተማዶ ሆና ከእግራችን በታች በምትውልበት ጊዜ ስለ ምን ሁለተኛ ይነሣል?

ጥያቄው ሊቃውንቱንም ያስቸገረ ነው። ታላቁ ጋሊሌዮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1632 ባሳተመው መጽሐፉ የጨረቃን ነገር ንቆ፥ ሙላቱን በምድር እንቅስቃሴ ብቻ ሊያስረዳ ቢሞክር፥ ሐሳቡ በቀን አንድ ሙላት ብቻ የሚያስገኝ ሆነ። እውነተኛውን መንገድ ያሳየው በ1687 ይስሐቅ ኒውተን ነው።

ጨረቃ የምትስበው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ምድርን በሙሉ ነው፤ የስሕበቷም ኃይል ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ከጨረቃ እስከ ምድር እምብርት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ጨረቃ በአናቱ የቆመችበት ባሕር ግን ከእምብርቱ ይልቅ በ6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርባታል፤ የማዶው ባሕር ደግሞ በዚያው ልክ ይርቃታል። ስሕበት በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚቀንስ፥ ሒሳቡን በደብተሩ የሚሠራ ተማሪ፥ በቅርቡ ባሕር ላይ ያለው ስሕበት በምድር እምብርት ካለው በመቶ 3.4 ያህል እንደሚበልጥ፥ በሩቁ ባሕር ላይ ያለው ደግሞ በመቶ 3.2 ያህል እንደሚያንስ ያገኘዋል።

አሁን ሦስት መንገደኞች በአንድ መስመር ተከታትለው ሲጓዙ፥ የፊተኛው ፈጣን፥ መካከለኛው ልከኛ፥ የኋለኛው ዝግተኛ ቢሆኑ፥ የፊተኛው ከመካከለኛው ቀድሞ ይርቃል፤ የኋለኛውም ማንም ወደ ኋላ ሳይጎትተው ከመካከለኛው ይርቃል። ምድርና ጨረቃ በጋራ ማእከላቸው ዙሪያ ሲዞሩ የሚሆነው ይኸው ነው። ጠጣሩ የምድር አካል የእምብርቱን ስሕበት ተከትሎ አንድ ሆኖ ወደ ጨረቃ ያዘነብላል፤ የቅርቡ ውሃ ከእርሱ ይቀድማል፤ የማዶው ውሃ ከእርሱ ይዘገያል። በምድር ላይ ቆመን ስናየው ሁለቱም ከእምብርቱ መራቅ ስለሆነ ሁለቱም ሙላት ይባላሉ። አንዳንዶች የማዶውን ሙላት በራሷ ዛቢያ ላይ ከምትዞረው ምድር የሚወረወር ውሃ አድርገው ያስረዳሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የዕለቱ ዙረት ባሕሩን በምድር ወገብ ዙሪያ ሁሉ በእኩል ስለሚያሳብጠው፥ ሙላትና ጉድለትን ሊለይ አይችልም።

ሙላትን የሚሠራው የስሕበቱ ብዛት ሳይሆን ልዩነቱ ለመሆኑ ፀሐይ ምስክር ናት። ፀሐይ ምድርን ከጨረቃ 180 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኃይል ትስባታለች፤ ሆኖም እጅግ ሩቅ ስለሆነች በምድር ቅርብ ገጽና በሩቁ ገጽ መካከል የምታመጣው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የምታስነሣው ሙላት የጨረቃን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። በሠርቀ ወርኅና በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ግን ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚሰለፉ ሙላቱ ከወትሮው ይበረታል።

ጨረቃ የምታመጣው የስሕበት ልዩነት ከውሃው ክብደት ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፥ ጨረቃ ውሃውን እንደ ባልዲ ቀጥ አድርጋ አታነሣውም፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከሚሸፍነው ውቅያኖስ ላይ ወደ ጎን እያንሸራተተች ወደ ሁለቱ ስፍራዎች ታከማቸዋለች እንጂ። የጣና ሐይቅ በዓይን የሚታይ ሙላት የሌለው፥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ለዚህ ክምችት እጅግ ስለሚያንስ ነው።

ምድር በ24 ሰዓት ስትዞር አንድ ጠረፍ በሁለቱም ክምችት ሥር ያልፋል፤ ጨረቃም በዚያው ጊዜ በምሕዋሯ ወደ ፊት ስለምትሄድ፥ ጠረፉ ዳግመኛ እስኪደርስባት 50 ደቂቃ ያህል ይጨመራል። ይሁን እንጂ አህጉራት የውሃውን መንገድ ስለሚዘጉበት፥ ሰዓቱና ከፍታው በየስፍራው ይለያያል፤ በቀን አንድ ሙላት ብቻ የሚያዩ ጠረፎችም አሉ። በቀይ ባሕር ራሱ፥ ደቡቡ ጫፍ ሲሞላ ሰሜኑ ይጎድላል፤ በመካከሉ በፖርት ሱዳን አካባቢ የውሃው ከፍታ እምብዛም አይለዋወጥም፤ በምፅዋ ግን ሙላቱ በሚበረታበት ሰሞን አንድ ሜትር ገደማ ይነሣል።