ከበሩ እስከ ክፍሉ

አንዲት ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት እንበል። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ስታይ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሐኪም አይቷት ምንም የለባትም ብሏል። ቅዳሜና እሁድ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። ውሸቷን ግን አይደለም፤ ፍርሃት ሆድን በእውነት ያሳምማል።

መጀመሪያ የሚጣራው ትምህርት ቤት ውስጥ የሚመታት ወይም የሚያሾፍባት እንዳለ ነው። ካለ፣ ጥቃቱ ሳይቆም ልጅን መገፋፋት በደል ነው። ከሌለ መመለሻው በትንሽ በትንሹ ነው። መጀመሪያ ዩኒፎርም ለብሳ እስከ በሩ ትሄዳለች፤ ቀጥሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ትቀመጣለች፤ ከዚያ እስከ ዕረፍት፣ ከዚያ እስከ ምሳ። ቁም ነገሩ መውጫ ሰዓቷ ቀድሞ የተቆረጠ መሆኑ ነው። እያለቀሰች ወደ ቤት ከወሰዷት ለቅሶ እንደሚያስወጣ ትማራለች፤ ቀለል እስኪላት ከቆየች ግን ፍርሃቱ እንደሚያልፍ ራሷ ታየዋለች።

ከባዱ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። አባት ይቆጣል፤ እናት አንጀቷ አይችልም፤ አያት ደግሞ «ዛሬን ተዉአት» ብለው ቴሌቪዥን ይከፍቱላታል። አያትን ማን ይወቅሳል! ሦስቱም ማታ ልጅቷ ስትተኛ ተቀምጠው በአንድ ቃል ይስማሙ፦ «እንደፈራሽ አውቃለሁ። እስከ ዕረፍት ትቆያለሽ፤ ከዚያ መጥቼ እወስድሻለሁ።» የሚያደርሳትም ስንብት ላይ የማይንቦቀቦቀው ይሁን። ቤት ከዋለች በትምህርት ሰዓት ቴሌቪዥን የለም፤ ደብተር ነው።

ከበዓል ወይም ከጉንፋን በኋላ ቢያገረሽባት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መቀጠል ነው። ሳምንታት አልፈው ከበሩ ካላለፈች ግን የሕፃናት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት።