ሽታን የሚዘጋ ውሃ

እናቶችና ቤተሰቦች፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ከመታጠቢያው ሥር ስላለው ጠማማ ቧንቧ ነው። ቧንቧ ሠሪዎች ሲፎን ይሉታል። መጠምዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጎባጣው ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል። ይህ ውሃ እንደ እንስራ ክዳን ሆኖ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚመጣውን እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት አየር ያግደዋል።

ክዳኑ ግን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት የገላ መታጠቢያ ክፍል ካላችሁ፣ በበጋ ወራት የወለሉ ማፍሰሻ ውሃ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተንኖ ያልቃል። ክፍሉን ስትከፍቱ ከሸተታችሁ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት፤ ሽታው ከቀረ፣ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ለረዥም ጊዜ የምትዘጉት ከሆነ በውሃው ላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩ፤ ዘይቱ ተንሳፎ ትነቱን ያዘገየዋል።

በየቀኑ እየታጠባችሁበት የሚሸት ከሆነሳ? እንግዲያውስ ጆሮ ስጡት። ከበርሜል በጎማ ውሃ ስንስብ፣ አንዴ ከጀመረ ወዲያ ራሱ እየጎተተ ይወርድ የለም? ሙሉ ሳፋ ውሃ ባንድ ጊዜ ሲደፋም እንዲሁ ነው፤ ቧንቧውን ሞልቶ የሚወርደው ውሃ የሲፎኑንም ውሃ ስቦ ይዞት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጉርጉር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ምልክቱ ይኸው ነው። ለጊዜው አንድ ጣሳ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩበት። ዋናው መፍትሔ ግን ቧንቧ ሠሪ ጠርቶ፣ ከሲፎኑ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ከጣራ በላይ የሚወጣ የአየር ቧንቧ ማስገጠም ነው። መስመሩ አየር ከላይ ካገኘ የሲፎኑን ውሃ አይስብም።