በአባይ ገደል የተቀበረው ወንዝ ወዴት ይፈስ ነበር?

ደብረ ወርቅ የቆመችበት ጥቁር ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ስለሆነ የጥንት ውሃ አቅጣጫ አይነበብበትም። በቢቸና በኩል ደጀን ደርሶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ግን ከባዛልቱ ሥር ኖራ ድንጋይን፣ ቀጥሎ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይን፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለውን ያገኛል። ይህ አሸዋ የተከማቸው ከ170 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የዛሬው አባይ ገደሉን የቆረጠው ከባዛልቱ በኋላ በመሆኑ፣ አሁን የሚፈስበት አቅጣጫ ስለዚያ ዘመን ውሃ ምንም አይነግረንም። ምስክሩ አሸዋው ራሱ ነው።

ውሃ ወንዝ ወለል ላይ አሸዋን ሲገፋ ጉብታ ይሠራል። ውሃው የሚመጣበት ወገን ለዘብ ያለ ዳገት፣ የሚሄድበት ወገን ደግሞ ቁልቁለት ይሆናል። አሸዋው ዳገቱን ወጥቶ በቁልቁለቱ ይናዳል፤ ደረቅ ክምር እንኳ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ሲደርስ ይንሸራተታልና። እያንዳንዱ ናዳ አንድ ሰያፍ ንጣፍ ትቶ ያልፋል፤ ንጣፉ የሚያዘነብለውም ውሃው ወደሄደበት ነው። ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነ ትንሽ የአሸዋ ሞገድ ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ የባሕር ወይም የሐይቅ ማዕበል ሥራ እንጂ የወንዝ ፍሰት አይደለም።

ነፋስም እንዲህ ያደርጋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሰያፍ መስመር ብቻውን ወንዝ መኖሩን አያረጋግጥም። ነገር ግን በሰያፉ ንጣፍ ላይ ጠጠር ከተሰለፈ፣ የንጣፎቹ ግርጌ የታችኛውን ጭቃ ቦርቡሮ የጭቃ ስባሪ ከያዘ፣ ነፋስን መጠርጠር ይከብዳል፤ ነፋስ ጠጠር ተሸክሞ የሚሄደው እጅግ አልፎ አልፎ ነውና።

ወንዝ ይጠማዘዛል፣ አንድ ድንጋይ ምን ያስረዳል? የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። አንድ ልኬት የሚያሳየው የአንድ ጉብታን አቅጣጫ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ መንገድ ሲጠረግ የተቆረጠ ግድግዳ ፍሰቱን በአግድም ካቋረጠው፣ ሰያፉ ንጣፍ አግድም ወይም ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ጋር ማዕዘን የሚሠራ ሌላ ገጽታ መፈለግ ግድ ነው። ንብርብሩ በኋላ ዘመን ካጋደለ ያ መጋደል መቀነስ አለበት። ከዚያ በብዙ ቦታ ተለክቶ አማካይ ይወጣል፤ እዚህም ወጥመድ አለ። አንዱ ልኬት 350 ዲግሪ፣ ሌላው 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 180፣ ማለትም ደቡብ ይወጣል፤ ሁለቱም ግን ወደ ሰሜን የሚያመለክቱ ናቸው። ትክክለኛው ዘዴ እያንዳንዱን ልኬት እኩል ርዝመት ባለው ቀስት ስሎ ጫፍ ለጫፍ ማገናኘትና ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለውን መስመር ማንበብ ነው። ያ መስመር ከቀስቶቹ ጠቅላላ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ረጅም ከሆነ ቀስቶቹ ተስማምተዋል፤ አጭር ከሆነ ወይ ወንዙ እጅግ ይጠማዘዝ ነበር፣ ወይም የተለያዩ ዘመናት ፍሰቶች ተደባልቀዋል፤ ያን ጊዜ የእያንዳንዱን ንብርብር ልኬት ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።