ጽሑፉን በእጃችን እንተይበው

እሱ፦ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጥ ሰው የሱቁን ማስታወቂያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠራ እንበል። ተራራውም ቆሎውም ያምራል፤ «የደብረ ሲና ቆሎ» የሚለው ግን ፊደል መሳይ፣ የማይነበብ ጭረት ሆኖ ይመጣል። ለምን ይሆን?

እሷ፦ መሣሪያው ካየው ምስል ተነሥቶ ቀለም ይደረድራል እንጂ ፊደል አይቆጥርም። የድመት ጢም ትንሽ ቢዛባ ድመትነቷ አይቀርም፤ «ሰ»ን ከ«ሲ» የምትለየው ግን እግሩ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። መሠረታዊ ሆሄያችን ደግሞ 33 በ7፣ 231 ናቸው፤ መሣሪያው የተማረባቸው ምስሎች ላይ በብዛት ያለው የላቲን ጽሑፍ ነው።

እሱ፦ አዳዲሶቹ እኮ እንግሊዝኛውን አስተካክለው መጻፍ ጀምረዋል።

እሷ፦ አማርኛውን ግን አምኜ አልሰጣቸውም። ሥራው ለሁለት ይከፈል። መጀመሪያ «ምንም ጽሑፍ አይኑር፤ የላይኛው ሲሶ ባዶ ሰማይ ይሁን» ብሎ ማዘዝ። ቀጥሎ ምስሉን በካንቫ ወይም በጊምፕ ከፍቶ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመሰለ ፎንት መተየብ።

እሱ፦ ባዶ ሳጥን ከወጣስ?

እሷ፦ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ይቀየር። ጽሑፉ የሚታረምበትን ፋይልም አስቀምጡ፤ ዋጋ ሲለወጥ ሥዕሉ እንደገና አይሠራም። ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ግን ሌላ ሰው ፊደል በፊደል ያንብብላችሁ።