ዕቁብ የወጣለት ሰው ሀብቱ ስንት ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ላስተምር አልተነሣሁም፤ እሱን ባውቅ ኖሮ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሲያየኝ ደብተሩን ባልገለጠ ነበር። የምናገረው አንድ ሰው በእውነት ያለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ እንዴት እንደሚቈጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሒሳቡን በፊታችሁ እንዳነበው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳልጠራ ለምኖኛል። በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር የ90,000 ብር ዕቁብ ወጣለት። በዚያው ሰሞን ቤቱ በአዲስ ሶፋ፥ በትልቅ ቴሌቪዥንና በማቀዝቀዣ ተሞላ። በጥር ደግሞ ደመወዙ ከ14,000 ብር ወደ 18,000 ብር ከፍ አለ። እናታችን «ልጄ አለፈለት» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች፤ አጎቶቻችንም ብድር ለመጠየቅ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እሱም ቢሆን ልቡ ሞላና ሽማግሌ ልኮ የሠርግ ቀን ሊያስቈርጥ አሰበ። ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ግን ሰኔ 30 ቀን ጠርቶኝ «እስቲ ያለኝን ደምርልኝ» አለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ያለን ሀብት ሁሉ፥ ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ይጻፋል። በሌላው ወገን ያለብን ዕዳ ሁሉ ይጻፋል። ሁለቱም ከተደመሩ በኋላ ዕዳው ከሀብቱ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው የተጣራ ሀብት ይባላል። ሥራው ከዚህ አያልፍም፤ የሚያስቸግረው የትኛው ነገር በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ ማወቁ ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ ወንድሜ ዓመት አስቀድሞ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲሁ ለጨዋታ ያህል የጻፍነውን ወረቀት አልጣለውም ነበር። በዚያ ቀን በባንክ 22,000 ብር ነበረው። ላፕቶፑ ቢሸጥ 20,000 ብር ያወጣ ነበር። ዕቁቡ ሠላሳ አባላት ያሉት ሆኖ እያንዳንዱ በወር 3,000 ብር የሚጥልበት ነው፤ ከጥር ጀምሮ ስድስት ጊዜ ስለ ጣለ ከአባላቱ ዘንድ የሚፈልገው 18,000 ብር ነበረው። ድምሩ 60,000 ብር ሆነ። ዕዳው ለሱቅ የሚከፍለው 2,000 ብር ብቻ ስለ ነበረ የተጣራ ሀብቱ 58,000 ብር ነበር።

እንግዲህ ዕቁቡ ወደ ወጣበት ቀን እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልታስተውሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ወንድሜ እስከዚያ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ጥሏል፤ ይኸውም 27,000 ብር ነው። ዕጣው ሲወጣለት 90,000 ብር በእጁ ገባ። ነገር ግን በዚያችው ደቂቃ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፥ ከአባላቱ ዘንድ ይፈልገው የነበረው 27,000 ብር ተከፍሎት አለቀ። ሁለተኛ፥ ገና ያልጣላቸው ሃያ አንድ ወሮች ዕዳ ሆኑበት፤ ሃያ አንድ ጊዜ 3,000 ደግሞ 63,000 ብር ነው። ከ90,000 ላይ 27,000ን ቀንሱ፥ ከዚያም 63,000ን ቀንሱ፤ የሚቀረው ዜሮ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እልል ባለበት ቀን ወንድሜ በአንዲት ብር እንኳ አልበለጸገም።

ይህ የእኔ የትምህርት ቤት ፍልስፍና የመሰለው ቢኖር የዕቁብ ዳኛን ይጠይቅ። ዕጣ ያልወጣለትን ሰው ዋስ አምጣ የሚለው የለም፤ ዕጣ ወጥቶለት ብሩን ሊቀበል እጁን የዘረጋውን ግን ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይሰጡትም። ለምን ቢባል ያ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለዕዳ መሆኑን ዳኛውና ጸሐፊው ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። አያቶቻችን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይህን ደርሰውበታል፤ እኛ በየሰፈሩ «ዕቁብ ወጣለት» ስንባል የምንረሳውን ማለቴ ነው።

ታዲያ ወንድሜ ያን 90,000 ብር ምን አደረገው? ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና የብድር ማኅበር 20,000 ብር ጨምሮ ተበደረና የነገርኳችሁን ዕቃ በ110,000 ብር ገዛ። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ወረቀቱን ስንዘረጋ ክርክር የገጠመን በዚህ ላይ ነው። እሱ «ይህ ዕቃ አሁን ሱቅ ብትጠይቅ 130,000 ነው፤ ስለዚህ 130,000 ብለህ ጻፍ» አለኝ። ዋጋ መናሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን 130,000 ብር አዲሱን ለመግዛት የሚከፈል እንጂ የእሱን ለሸጠ የሚከፈል አይደለም። አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ጠርተን አሳየነው። ሶፋውን ዳሰሰ፥ ቴሌቪዥኑን አበራ አጠፋ፥ ከዚያ 60,000 ብር አለ። የጻፍነውም እሱን ነው። ለቤት ዕቃ፥ ለስልክና ለላፕቶፕ ሁሉ ደንቡ ይኸው ነው፤ የገዛንበት ዋጋ አይጻፍም፥ የሱቁም ዋጋ አይጻፍም፥ ገዢ ቆሞ የሚሰጠው ዋጋ ይጻፋል። በወረቀቱ ላይ ራስን መደለል የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ባንክ 14,000፥ ላፕቶፑ አርጅቶ 14,000፥ የቤቱ ዕቃ 60,000፥ በጠቅላላው 88,000 ብር ሆነ። በዕዳው ወገን ደግሞ ዕቁቡ ገና አሥራ ሁለት ወር ስለሚቀረው 36,000፥ የማኅበሩ ብድር ቀሪ 12,000፥ ሱቅ 3,000፥ ድምሩ 51,000 ብር ነው። የተጣራ ሀብቱ 37,000 ብር ሆነ። ደመወዙ ጨምሯል፥ ቤቱ ሞልቷል፥ የሀብቱ ወገን ብቻውን ቢታይም ከ60,000 ወደ 88,000 አድጓል፤ የተጣራው ግን ከ58,000 ወደ 37,000 ብር ወርዷል።

ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ሁለት ጊዜ ደመረው። ከዚያ «እኔ እኮ አላባከንሁም፤ ዕቁቤን አንድም ወር አላቋረጥሁ» አለ። እውነቱን ነው። መልሰን ስናሰላው ዓመቱን ሙሉ ከደመወዙ 35,000 ብር ያህል ቈጥቧል፤ ይኸውም ለዕቁብ 36,000 ጥሏል፥ ከብድሩ 8,000 ከፍሏል፤ በአንጻሩ ከባንክ 8,000 አውጥቷል፥ የሱቁንም ዕዳ በ1,000 ጨምሯል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዕቃው በ50,000 ብር፥ ላፕቶፑ በ6,000 ብር ዋጋቸው ወርዷል። በአንድ እጁ 35,000 ሲያስገባ በሌላው 56,000 አምልጦታል፤ ልዩነቱ ያው የጎደለው 21,000 ብር ነው። ይህን የደመወዝ ወረቀት አይነግረውም። ደመወዝ በቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ውኃ ይነግረናል፤ በበርሜሉ ውስጥ ስንት እንደ ቀረና በርሜሉ የት ላይ እንደሚያፈስ የሚታወቀው ግን በየዓመቱ በአንድ ቀን ተለክቶ ካለፈው ዓመት ጋር ሲተያይ ነው። የአንድ ዓመት ወረቀት ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ እኛም 37,000 ብር ብቻ ብናይ ኖሮ «ደኅና ነው» ብለን እናልፍ ነበር።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልበል። እኔ ሰኔ 30ን የመረጥሁት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳባቸውን የሚዘጉበት ቀን ስለ ሆነና የበዓል ወጪም ስለሌለበት ነው። በመስከረም ዋዜማ ወይም በፋሲካ ማግስት የሚቈጥር ሰው በበግና በልብስ ወጪ ይታለላል። ማንኛውም ቀን ይሁን፤ ግን በየዓመቱ ያው ቀን ይሁን።

ከብሩ ጎን ሌላ መለኪያም ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ዓመት የተጣራ ሀብቱ በብር ያልቀነሰ ሰውም ቢሆን ሳይደኸይ አልቀረም። ስለዚህ እኔና ወንድሜ በወረቀቱ ግርጌ፥ በዚያ ሰሞን ቤታችን ጤፍ የገዛበትን የኩንታል ዋጋ ጽፈን የተጣራውን ሀብት በእሱ እናካፍላለን። ስንት ኩንታል እንደሚገዛ ማየት ብሩን ከማየት ይልቅ ዓይን ይገልጣል።

በወረቀቱ ላይ የማይገቡም አሉ። የዕድር መዋጮ ሀብት አይደለም፤ ለቀብር ጊዜ የሚደርስ መድን እንጂ ተመላሽ ገንዘብ አይደለም። የጡረታ መዋጮም ከደመወዛችን በየወሩ ቢቈረጥም ወጥቶ የሚሸጥ አይደለምና ለብቻው በማስታወሻ ይያዝ። ከገጠር የመጣን ደግሞ የአባቶቻችንን መሬት በጥማድ ቈጥረን ዋጋ እንዳንሰጠው፤ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። በሬው፥ ጎተራው ውስጥ ያለው እህልና ባሕር ዛፉ ግን ይቈጠራሉ።

የእኛስ የተማሪዎቹ ወረቀት ምን ይመስላል? አብዛኞቻችን ከዜሮ በታች ነን። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት በየዓመቱ የምንፈርመው ውል፥ የምግቡ፥ የመኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ተደምሮ ሥራ ስንይዝ የምንከፍለው ዕዳ ነው። ምዝገባ ላይ ሰልፉ ስለሚረዝም ሳናነብ እንፈርማለን። እስቲ የዚህን ዓመት ቅጂ አውጡና በዕዳው ወገን የመጀመሪያው መስመር አድርጋችሁ ጻፉት። ከዜሮ በታች መነሣት አያሳፍርም፤ የሚጠቅመው ከስንት እንደ ተነሣን ማወቁ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ በእሱ ብቻ ተነሥተን ሶፋ አንገዛም።

ስወርድ ከአዳራሹ አንድ ወንድማችን «ለጓደኛዬ ያበደርሁትን 4,000 ብር በሀብት ወገን ልጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛህ ባለፈው ወር ካገኘህ ሠላምታ ሰጥቶህ ነበር ወይስ መንገድ አቋርጦ ሄደ? ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ከዚያ «ዜሮ ብዬ ልጻፈው» አለ። ትክክል ነው፤ ከተመለሰ በተመለሰበት ዓመት ይጻፋል።

የወንድሜን ሠርግ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ ቀኑ ግን ዕቁቡ ተጥሎ ከሚያልቅበት ከሰኔ 2018 ዓ.ም. በኋላ እንዲሆን ተቈረጠ። የልጅቷ አባት ምክንያቱን ሲጠይቁ ወንድሜ ወረቀቱን አሳያቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ካዩት በኋላ ያነሡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ዋስህ ማን ነው?» አሉት።